እህታችንን ከባነሩ ስናወጣ ፎቶውን እንዳናጣው



ባለፈው ዓመት ለተመራቂዎች መሸኛ ባነር ስናዘጋጅ ከእጃችን ያመለጠ አንድ ፎቶ አለ። ስድስት ተመራቂ እህቶቻችን ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ ቆመዋል፣ ከኋላቸው የግንብ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ደግሞ የዳሞታ ተራራ ግማሹ በደመና ተሸፍኖ ይታያል። በግራ ጫፍ የቆመችው እህት ፎቶዋ ባነር ላይ ወጥቶ እንዲሰቀል እንደማትፈልግ ነገረችን። ጉዳዩ የራሷ ነው፤ ከኛ የሚጠበቀው እሺ ማለት ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ላፕቶፕ ላይ ፎቶውን ከፍቶ ከጎኗ ያለውን ሣርና አጥር እየቀዳ ሸፈናት፣ በዚያው ስም ሴቭ አደረገው፣ ባነሩም ታተመ። ሥራው የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ቆሞ እንደነበር የሚያውቅ ካልነገረ ማንም አይለይም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። ፎቶውን ለእናቷ መላክ ፈልጋለች፤ ስድስቱም ያሉበትን፣ እሷም ያለችበትን። የካሜራው ካርድ ለሌላ ፕሮግራም ፎርማት ተደርጓል። ላፕቶፑ ላይ ያለው አምስት እህቶች የቆሙበት ብቻ ነው። ጥፋቱ የኛ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቅናት፤ ለእናቷ የምትልከው ግን የላትም።

ፎቶውን የሠራው ወንድማችን ሲጠየቅ መጀመሪያ ያለው ነገር «Ctrl+Z አለ እኮ» ነበር። ብዙዎቻችን እንደዚህ ስለምናስብ ነው ይህን የምንጽፈው። ወደኋላ የሚመልሰው ታሪክና በሌየር የተቀመጠ ኮፒ አንድ ነገር አይደሉም። አንዱ የሚጠብቀን ሥራ ላይ እስካለን ድረስ ነው፤ ሌላው ላፕቶፑ ከተዘጋም በኋላ ይጠብቀናል። ታሪካቸውም ለየብቻ ነው፤ ፎቶሾፕ ሌየር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በ3.0 እትሙ ሲሆን፣ ብዙ እርምጃ ወደኋላ የሚመልሰው ዝርዝር የመጣው ግን በ1998 በ5.0 ነው።

ምሳሌያችንን የምንሠራው በጊምፕ ነው። ነፃ ስለሆነ ማንም አውርዶ መጫን ይችላል፣ ክራክ መፈለግም አያስፈልግም። በፎቶሾፕ የምትሠሩም ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለየው ስሙ ነው።

ያንን ፎቶ ዛሬ ብናገኘው እንዲህ እንሠራው ነበር። ከካርዱ ወደ ላፕቶፑ ከገለበጥነው በኋላ ፋይሉን በጊምፕ እንከፍታለን፤ ምንም ብሩሽ ሳንነካ በመጀመሪያ `File` ውስጥ ገብተን `Save As` እንላለን፣ ስሙንም በ`.xcf` እንዲያልቅ እናደርጋለን። ይህ የጊምፕ የራሱ ፋይል ነው፤ ሌየሮችን ለየብቻ ይይዛል። ጄፔግ ግን ሌየር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚህ በኋላ Ctrl+S ባልን ቁጥር የሚጻፈው በ`.xcf` ፋይሉ ላይ ስለሆነ፣ የመጣንበት ጄፔግ እንደነበረ ይቀመጣል።

ቀጥሎ በሌየሮች ሳጥን ውስጥ ያለችውን ብቸኛ ሌየር «ኦሪጅናል» ብለን እንሰይምና ፒክስሎቿን እንቆልፋለን፤ በሌየሮቹ ሳጥን ውስጥ የብሩሽ ምስል ያለበት ትንሽ ቁልፍ አለ። ከዚያ በላይዋ ባዶ፣ ማለትም `Transparency` የሆነ አዲስ ሌየር እንጨምራለን። ስሙ «መሸፈኛ» ይሁን። አሁን የክሎን መሣሪያውን እንይዛለን፣ ከመሣሪያው ምርጫዎች ውስጥ `Sample merged` የሚለውን እናበራለን። ይህች ምልክት ከሌለች መሣሪያው የሚቀዳው ከባዶው ሌየር ስለሚሆን፣ ብትቀቡ ብትቀቡ ምንም አይታይም። Ctrl ተጭነን ንጹሑን አጥር አንድ ጊዜ ጠቅ ስናደርግ መነሻችንን ይይዛል፤ ከዚያ እህታችን ላይ ስንቀባ አጥሩ እየመጣ ይሸፍናታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከፎቶው አንድ ፒክስል እንኳ አልጠፋም። እህታችን በታችኛው ሌየር ላይ እንደቆመች ናት፤ እኛ ያደረግነው በላይዋ መጋረጃ መጣል ነው። በስህተት ታችኛዋን ሌየር መርጠን ልንቀባ ብንሞክር ጊምፕ ሌየሯ ተቆልፋለች ብሎ ይከለክለናል፤ የቆለፍነውም ለዚህ ነው።

የታሪክ ዝርዝሩ የሚጠቅመን አሁን ነው። `Windows`፣ ከዚያ `Dockable Dialogs`፣ ከዚያ `Undo History` ስንል እያንዳንዱ እርምጃ ከትንሽ ምስል ጋር ተደርድሮ ይመጣል። ማውሱን ተጭነን እስክንለቅ ያለው አንድ እርምጃ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ለመሸፈን ሠላሳና አርባ እርምጃ መሙላት ቀላል ነው። ከዝርዝሩ አንዱን ጠቅ ስናደርግ ፎቶው ወደዚያ ሰዓት ይመለሳል፤ Ctrl+Z እየደጋገሙ ከመቁጠር ይሻላል።

ግን ዝርዝሩ እንደ አንድ መንገድ ነው፤ ቅርንጫፍ የለውም። ለምሳሌ በአሥረኛው ምት ሳናውቅ የሁለተኛዋን እህት ትከሻ ትንሽ በላንባት እንበል። ያየነው ግን ሠላሳኛው ላይ ስንደርስ ነው። ወደ ዘጠነኛው ብንመለስ ትከሻዋ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሠራናቸው ሃያ ጥሩ ምቶችም አብረው ይነሳሉ። አይተን ብቻ ብንመለስ ችግር የለውም፣ ሠላሳኛውን ጠቅ ብናደርግ እንደገና ይመጣል። ዘጠነኛው ላይ ቆመን አንዲት አዲስ ምት ከቀባን ግን ከፊት ያለው ሁሉ ይሰረዛል፣ መመለሻም የለውም። ማታ ደክሞን ስንሠራ የምንጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ገደብ ቁጥሩ ነው። ጊምፕ ቢያንስ 5 እርምጃ እንደሚይዝ ቃል ይገባል፤ ከዚያ በላይ የሚይዘው የተመደበለት ሜሞሪ እስኪሞላ ነው። አዳዲሶቹ የፎቶሾፕ እትሞች ካልተነኩ 50 እርምጃ ይይዛሉ፣ 51ኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይወጣል። ቁጥሩን ከቅንብሩ መጨመር ይቻላል፤ ራም ያንሳል እንጂ። 4000 በ3000 የሆነ የስልክ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል በሌየር ውስጥ 4 ባይት ሲይዝ አንድ ሌየር ብቻ 48 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይወስዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ታሪኩ የሚኖረው ፋይሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። በ`.xcf` ውስጥ እንኳ አይቀመጥም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዞ መብራት ሲጠፋበት የኖረ ተማሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ወንድማችን Ctrl+Z አለ ሲል ትክክል ነበር፤ ግን የነበረው ለዚያች ማታ ብቻ ነው።

ታዲያ የተበላውን ትከሻ ምን እናድርገው? ለዚህ ማስክ አለ። «መሸፈኛ» የሚለውን ሌየር በቀኝ ጠቅ እናደርግና `Add Layer Mask` እንላለን፣ ከምርጫዎቹ `White (full opacity)` የሚለውን እንይዛለን። ከሌየሩ ጎን ነጭ ሣጥን ይመጣል። እሷን ጠቅ አድርገን በጥቁር ብሩሽ ትከሻው ላይ ስንቀባ መጋረጃው በዚያ ቦታ ብቻ ይነሳና እውነተኛው ትከሻ ከሥር ይታያል። አብዝተን ካነሳን በነጭ ስንቀባ መጋረጃው ይመለሳል። ሃያዎቹ ጥሩ ምቶች አልተነኩም። ማጥፊያውን፣ ኢሬዘር የምንለውን፣ ብንጠቀም ኖሮ የነካው ቦታ ከሌየሩ ይጠፋ ነበር፤ ፋይሉን ዘግተን ነገ ስንከፍት Ctrl+Z አይመልሰውም። ማስኩ ግን ከነሌየሩ በ`.xcf` ውስጥ ይቀመጣል፤ በሳምንቱም ከፍተን በነጭ ልንመልሰው እንችላለን። ስትቀቡ ትከሻው መታየቱ ቀርቶ ፎቶው ላይ ጥቁር ቆሻሻ ከመጣ፣ የተመረጠው ሌየሩ እንጂ ማስኩ አይደለም ማለት ነው። አንድ ጊዜ Ctrl+Z በሉና ሣጥኗን ጠቅ አድርጋችሁ ቀጥሉ።

ለማተሚያ ቤት የሚሄደው ጄፔግ ከ`Save` አይወጣም፤ `File` ውስጥ `Export As` በሉና በሌላ ስም አውጡት። ጄፔጉን ከፍታችሁ ገና በ`.xcf` ካላስቀመጣችሁት በዚያው ዝርዝር `Overwrite` ብሎ የጄፔጉን ስም የሚጠራ ትእዛዝ ይኖራል። እሱን ከተጫናችሁ ዋናው ፎቶ ላይ ነው የምትጽፉት፤ የኛ ፎቶ የጠፋውም በዚህ ዓይነት ነው። ጄፔጉን አውጥታችሁ ስትዘጉ ደግሞ ጊምፕ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል። «አወጣሁት እኮ» ብላችሁ `Discard Changes` ብትሉ የሄደው ጄፔግ ብቻ ይተርፋል፤ ካለፈው Ctrl+S ወዲህ የሠራችሁት ሌየር ይጠፋል። መጀመሪያ Ctrl+S፣ ከዚያ መዝጋት።

መዳኑን የምናረጋግጠው ዘግተን በመክፈት ነው። `.xcf` ፋይሉን እንደገና ክፈቱና ከ«መሸፈኛ» ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት አጥፉ። ስድስቱም እህቶች ከታዩ ፋይሉ ደህና ነው። አምስት ብቻ ከታዩ የሆነ ቦታ ላይ ሌየሮቹ ተዋህደዋል፤ ካርዱን ፎርማት ሳታደርጉ ከካርዱ ላይ እንደገና አምጡት። በቴሌግራም ለራሳችሁ ስታስቀምጡም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ መጠኑ ይቀነሳል፣ ለባነር አይበቃም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እኛ ራሳችን ዘግይተን ያሰብነው ነው። በ`.xcf` ወይም በ`.psd` ፋይሉ ውስጥ እህታችን አለች። ለማተሚያ ቤት ወይም ለሌላ ጀመዓ ያንን ፋይል ብንልክ፣ የተቀበለው ሰው የዓይን ምልክቷን አጥፍቶ ያያታል። አታውጡኝ ያለችውን እህት ማውጣት ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚሄደው ጄፔጉ ብቻ ይሁን። የሌየሩ ፋይል በሚዲያ ክፍሉ ፍላሽ ላይ ከዋናው ፎቶ ኮፒ ጋር ይቀመጣል፤ እህታችንን የመሰለ ጥያቄ ሲመጣም የምንልከው ከዚያ አውጥተን ለጠየቀችው ለራሷ ብቻ ነው። የዘንድሮ ተመራቂዎች ፎቶ የሚነሳ ቀን ካርዱን የሚይዘው ሰው ከአሁኑ ተመድቧል፤ ባነሩ ታትሞ የሌየሩ ፋይል እስኪፈተሽ ድረስ ካርዱን ለማንም አይሰጥም።