የካቻፑን ጠርሙስ አዙሩት

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ሱፐርማርኬት ገብቶ የካቻፕ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ከተለያየ አገር የመጣ ጠርሙስ ጎን ለጎን ተደርድሮ ያገኛል። አንዱ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ ሌላው ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ በዱባይ በኩል የገባው ደግሞ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የሁሉም ፊት ይመሳሰላል። ቀይ ቲማቲም፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ “ተፈጥሯዊ” የሚል ቃል። ፊቱ የተጻፈው ለመሸጥ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ፣ ብዙ ጊዜም መነጽር በሚያስወጣ ደቃቅ ፊደል ነው።

ካቻፕን ለምሳሌ የመረጥኩት ስኳርም ጨውም የፋብሪካ ተጨማሪዎችም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ስለሚገኙበት ነው። ደግሞም ኬክና ለስላሳ ለልጁ የሚከለክል ወላጅ እንኳ ካቻፕን ከጣፋጭ አይቆጥረውም፤ ቺፕሱ ላይ እንደልቡ ያፈስለታል።

ሁለት ጠርሙስ እናንሳ። ቁጥሮቹ በገበያ ላይ ካሉ የተለመዱ ካቻፖች የሚቀራረቡ ናቸው። የመጀመሪያው በአሜሪካ ደንብ የተጻፈ ነው። ሠንጠረዡ ላይ “ሰርቪንግ ሳይዝ” የሚል አለ፤ አንድ ጊዜ ይበላል ተብሎ የተገመተው መጠን ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 17 ግራም ይላል። ከሥሩ ስኳር 4 ግራም፣ ሶዲየም 180 ሚሊግራም ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው በአውሮፓ ደንብ የተጻፈ ነው። እዚያ ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ 100 ግራም ነው፦ ስኳር 22.8 ግራም፣ ጨው 1.8 ግራም።

ቸኩሎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስላል። አንዱ ስኳሩ 4፣ ሌላው ከ22 በላይ፤ የመጀመሪያውን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ነገር ግን አንዱ ስለ ማንኪያ፣ ሌላው ስለ 100 ግራም ነው የሚያወራው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ 17 ግራም በ6 ሲባዛ ወደ 100 ገደማ መምጣቱን ማየት ይበቃል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ስኳር በ6 አባዙት፤ 24 ግራም ይሆናል። ልዩነቱ ጠፋ።

ጨው ላይ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨመራል። አሜሪካኖች የሚጽፉት ሶዲየሙን ብቻ ነው፤ አውሮፓውያን ደግሞ ሙሉውን ጨው ይጽፋሉ። ሶዲየምን ወደ ጨው ለመቀየር በ2.5 ይባዛል። ስለዚህ 180 በ6፣ 1,080 ሚሊግራም ሶዲየም፤ ያ በ2.5 ሲባዛ 2,700 ሚሊግራም፣ ማለትም 2.7 ግራም ጨው። ሁለተኛው ጠርሙስ 1.8 ነበር ያለው። ስኳሩ አነስተኛ የመሰለው ጠርሙስ በስኳር እኩል ሆኖ በጨው የሌላውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል አለው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ስሌቱን ከሚችለው በላይ እንዳናምነው። በአሜሪካ ደንብ የስኳሩ ቁጥር ወደ ቅርቡ ሙሉ ግራም ይጠጋጋል። “4 ግራም” የተባለው በውስጡ 3.6 ወይም 4.4 ሊሆን ይችላል፤ በ6 ሲባዛ ስህተቱም አብሮ ይባዛል፤ ከ21 እስከ 27 ግራም ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። እንዲያውም በአንድ ማንኪያ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ “0” ተብሎ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ 24ንና 22.8ን አይቶ “ይሄኛው ይሻላል” ማለት አያስኬድም። የጨው ልዩነት ግን ከመጠጋጋት የመጣ አይደለም፤ እውነተኛ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? እንግሊዝ አገር ለጠርሙስ ፊት የሚያገለግል የቀለም ምልክት አለ። በ100 ግራም ምግብ ውስጥ ስኳር ከ22.5 ግራም፣ ጨው ከ1.5 ግራም ካለፈ ቀይ ይሰጠዋል። ስኳር እስከ 5፣ ጨው እስከ 0.3 ግራም ከሆነ አረንጓዴ ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች የያዘ ሰው ማንኛውንም የታሸገ ደረቅ ምግብ ሊመዝንበት ይችላል። ለመጠጥ መስፈሪያው ሌላና ጠበቅ ያለ ነው፤ የስኳሩ ቀይ ከ11.25 ግራም ይጀምራል። ሁለቱም ካቻፖቻችን በስኳርም በጨውም ቀይ ናቸው።

እርግጥ ካቻፕን በ100 ግራም የሚበላ የለም። ግን አንድ ልጅ ከቺፕስ ጋር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢጨርስ አያስገርምም። ያ 12 ግራም ስኳር ነው፤ በሻይ ማንኪያ ሦስት። ከመጀመሪያው ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ 1.35 ግራም ጨው ገደማ አብሮ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው፤ ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ሽሮውና በርበሬው ገና አልተቆጠሩም።

አሁን ከሠንጠረዡ ወደ ግብአቶቹ ዝርዝር እንውረድ። ሕጉ በብዙ አገር አንድ ነው፦ በክብደት የሚበልጠው በፊት፣ የሚያንሰው በኋላ ይጻፋል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ዘዴ ይወጣል። ካቻፕ ውስጥ ጨው ከመቶ ሁለትና ሦስት እጅ ነው፤ እንግዲያው በዝርዝሩ ላይ ከጨው በኋላ የተጠራ ነገር ሁሉ ከዚያ በታች ነው። ፊቱ ላይ ማርና ቅመም የተሳለበት ጠርሙስ ማሩን ከጨው በኋላ ከጻፈ፣ ማሩ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ሠንጠረዥ በሌለው እሽግ ላይም ይህ ዘዴ ይሠራል።

ስኳሩ በአንድ ስም ላይጻፍ ይችላል። ስኳር፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ እየተባለ ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ስለሚሆን ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ሲደመር ግን ፊት የሚቀመጥ ነበር። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ከሠንጠረዡ ጋር መነበብ ያለበት። የአሜሪካው ሠንጠረዥ የተጨመረውን ስኳር ለብቻው ስለሚጽፍ በዚህ በኩል ይሻላል።

ቲማቲሙም ቢሆን ያሳስታል። አንዱ ጠርሙስ “ቲማቲም” ብሎ ሲጀምር ሌላው “ውሃ፣ ስኳር፣ የቲማቲም ድልህ” ይላል። የመጀመሪያው የግድ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ድልህ ውሃው የወጣለት ቲማቲም ነውና ክብደቱ ያንሳል። አንዳንድ የአውሮፓ ጠርሙስ “100 ግራሙ ከ148 ግራም ቲማቲም የተሠራ” የሚለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው፤ ካልተጻፈ በቲማቲም ብዛት ማወዳደር ይቅር።

ስለ ተጨማሪዎቹ ሰው የሚፈራው ቁጥር ያላቸውን ነው። ኢ 330 የሎሚ አሲድ ነው፤ ኢ 260 የኮምጣጤ አሲድ፤ ኢ 415 ሶሱን የሚያወፍር ሙጫ፤ ኢ 202 እና ኢ 211 እንዳይበላሽ የሚጠብቁ ማቆያዎች። ቁጥሩ በራሱ መርዝ ማለት አይደለም። ቫይታሚን ሲ እንኳ ኢ 300 የሚባል ቁጥር አለው። ከመቶ ቤት የሚጀምሩት ማቅለሚያዎች፣ የሁለት መቶዎቹ በአብዛኛው ማቆያዎች መሆናቸውን ማወቅ ለመደርደሪያ ፊት ውሳኔ ይበቃል። ካቻፕ ላይ የመቶ ቤት ቀይ ቀለም ካያችሁ ቲማቲሙ ራሱን ማቅላት አልቻለም ማለት ነው፤ መልሱት። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ኢ 102፣ ኢ 110 እና ኢ 124ን ጨምሮ ስድስት ማቅለሚያዎች ያሉበት ምግብ፣ የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊጎዳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት ያስገድዳል። እነዚህ ይበልጥ የሚገኙት ከረሜላና ባለቀለም መጠጥ ላይ ነው።

“ማቆያ የለበትም” የሚለው ጽሑፍ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ ውስጥ የካቻፕ ሠሪዎች ሶዲየም ቤንዞኤት፣ የዛሬውን ኢ 211 ይጨምሩ ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ዋና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ ከ1902 ጀምሮ ፈቃደኛ ወጣቶችን ማቆያ ያለበት ምግብ እያበላ መረመረና ዘመቻ ከፈተ። ሃይንዝ የተባለው ኩባንያ በዚያን ጊዜ ቤንዞኤቱን ትቶ የበሰለ ቲማቲም፣ ብዙ ኮምጣጤና ብዙ ስኳር ወደሚጠቀም አሠራር ዞረ። ስኳሩና አሲዱ ራሳቸው ማቆያ ሆኑ። ዛሬ የምናውቀው ጣፋጭ ካቻፕ የዚያ ለውጥ ልጅ ነው።

ዝርዝሩ አጭር የሆነ ጠርሙስ ስኳሩ ብዙ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው። “ስኳር የተቀነሰበት” የሚለውን ብታዞሩት ብዙ ጊዜ ኢ 202፣ ማወፈሪያ፣ ምናልባትም እንደ ሱክራሎስ ወይም ስቴቪያ ያለ ማጣፈጫ ታገኛላችሁ። በአውሮፓ ደንብ “የተቀነሰ” ለመባል ስኳሩ ከተለመደው ቢያንስ 30 ከመቶ ማነስ አለበት፤ ያ ከ22.8 ወደ 16 ገደማ መውረድ ነው፤ አሁንም ከአረንጓዴው 5 ግራም በጣም ይርቃል። ሁለቱም የሌሉበት፣ ማለትም ስኳርም ማቆያም የሌለበት ሶስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀን የሚቆይ የቤት ሶስ ነው።

ይህን ንባብ የለመደ ዓይን የጾም ብስኩት ላይም ይጠቅማል። ፊቱ ላይ ወተት ያልተሳለበት ብስኩት ዝርዝሩ ውስጥ “ዌይ ፓውደር” ወይም “ካዜይን” ይዞ ይገኛል፤ ሁለቱም ከወተት የሚወጡ ናቸው። ኢ 120 ከነፍሳት የሚሠራ ቀይ ቀለም ነው። ኢ 471 ከተክልም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ስለሚችል፣ እሽጉ ምንጩን ካልጻፈ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ወደ ሁለቱ ጠርሙሶች ስመለስ ፍርዴ ይህ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ጨው 1.8 የሚለው ይገዛ። ስኳሩን ብቻ አይቶ ለሚገዛ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ርካሹን ይውሰድ።