የአዲስ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያ ሦስት ወራት

አዲስ የተሾመ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያው ሳምንት የርክክብ ነው። የካዝናው ገንዘብ ቁልፍ ያዦቹ ባሉበት ይቆጠራል። በተንጠልጣይ ሒሳብ ውስጥ የቆየ ገንዘብ ካለ ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠና ለምን እንዳልተዘጋ ይመዘገባል። ይህ ሳይጣራ የተፈረመ ርክክብ የቀድሞውን ጉድለት በአዲሱ ኃላፊ ላይ ስለሚጥል ቀናት ቢወስድም አይቸኮልበትም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት የማዳመጫ ናቸው። 12 ሠራተኞች ባሉት ቅርንጫፍ በቀን ሁለት ሰው ለየብቻ ለግማሽ ሰዓት ቢያነጋግሩ በስድስት የሥራ ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሁን፦ ሥራውን የሚያጓትተው ምንድን ነው? ደንበኛ የሚያማርረው በምንድን ነው? መነካት የሌለበትስ የቱ ነው? እንዲህ ሲሆን መልሶቹን ማስተያየት ይቻላል። ጥበቃዎችም አይዘለሉም፤ ሰልፉ በስንት ሰዓት እንደሚረዝም በር ላይ ከሚውል ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በአራተኛው ሳምንት ከዲስትሪክቱ ኃላፊ ጋር ስብሰባ ይያዛል። ተቀማጭ ማሰባሰብ፣ ብድር ማስመለስና አገልግሎት ማፋጠን ሁሉም ይጠበቃሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወር ለአንድ ችግር ብቻ ይሰጣል። ለምሳሌ ሁሉም ሠራተኛ ስለ ሰልፍ ያማርራል፣ መፍትሔው ተጨማሪ መስኮት ነው ይላል እንበል። ሥራ አስኪያጁ በአምስተኛው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ደንበኛ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ለሦስት ቀን ይመዘግባል። ቴለሮቹ ፈጣን ናቸው፤ ከቴለሩ ገደብ በላይ የሆነ ወጪ ግን የአንድ ተቆጣጣሪ ማጽደቅ ይጠብቃል፣ እሱም በምሳ ሰዓት የለም። እንግዲህ የጎደለው መስኮት ሳይሆን የሚያጸድቅ ሰው ነው። በስድስተኛው ሳምንት ለሁለተኛ ሠራተኛ የማጽደቅ ሥልጣን ከዋናው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል፤ ምሳ በፈረቃ ይሆናል። ፍጥነት ተፈልጎ ግን አንድ ሰው ራሱ ያስገባውን ሒሳብ ራሱ እንዲያጸድቅ ፈጽሞ አይፈቀድም። በስምንተኛው ሳምንት ያው ልኬታ ይደገማል።

በዚሁ ወር የመማሪያው ሥራ ብድር ነው፤ ከቴለርነት ያደጉ ኃላፊዎች በብዛት የሚደክሙትም እዚህ ላይ ነው። በየሳምንቱ ክፍያቸው የዘገየ ሦስት ፋይሎችን ከብድር ኦፊሰሩ ጋር ማንበብና አንዱን ተበዳሪ በሥራ ቦታው ሄዶ ማየት ይበቃል። መዘግየቱ 90 ቀን ከደረሰ ብድሩ ከተበላሹት ስለሚመደብ 30ኛው ቀን ላይ ያሉት ይቀድማሉ።

በሦስተኛው ወር የሚያሰጋው ወደ ቀድሞው ሥራ መመለስ ነው። ጎበዝ ቴለር የነበረ ሰው ሰልፍ ሲያይ መስኮት ላይ መቀመጥ ይቀናዋል። ምልክቱ ከቀን መቁጠሪያው ይገኛል፤ የሳምንቱ የግል ውይይቶች ለሁለት ጊዜ ከተሰረዙ ነገሩ ጀምሯል። ስለዚህ ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ የሰኞ ጠዋቱን አጭር ስብሰባ ሠራተኞች በተራ ይመሩታል። በ12ኛው ሳምንት የሰልፉ ልኬታ፣ የዘገዩ ብድሮች ዝርዝርና የቀጣዩ ሩብ ዓመት ግብ በአንድ ገጽ ተጽፈው ለዲስትሪክቱ ይቀርባሉ።