ተጨማሪ መረጃ፦ የጠላት መርከብ ሳታይ የሰጠመችው ያማቶ

የጃፓኗ የጦር መርከብ ያማቶ የአፋቸው ስፋት 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ መድፎች ነበሯት፤ ጥይታቸውም እስከ 42 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 1945 ግን የገጠሟት የአሜሪካ መርከቦች ከዚያ እጅግ ርቀው ነበር። እነዚህ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ናቸው፤ ማለትም ጀርባቸው አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት ሜዳ የሆነ። ከእነሱ የተነሱት አብራሪዎች ቶርፔዶ የተባለውን፣ ውኃ ውስጥ ተጉዞ መርከብን ከጎን የሚመታ ፈንጂ፣ በአብዛኛው በግራ ጎኗ ላይ አነጣጠሩ። ውኃው በአንድ ወገን ሲገባ ያማቶ አጋደለች፤ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥም ተገልብጣ ሰጠመች።

እስቲ ካርታ አውጣና ከምትኖርበት ከተማ ተነስተህ በመለኪያው መሠረት 42 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎም አውሮፕላን ሊደርስበት የሚችለውን 300 ኪሎ ሜትር ለካ። የመድፍና የአውሮፕላን ልዩነት ይታይሃል።