«አዎ» የማይበቃው ጥያቄ

ኦዲተሩ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋን «ለገባ ዕቃ ሁሉ ሞዴል 19 ይቆርጣሉ?» ቢላት መልሷ «አዎ» ነው፤ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። «መጨረሻ የገባውን ወረቀት ከመኪና ሲወርድ ጀምሮ እንዴት እንደተረከቡት ይንገሩኝ» ቢላት ግን ሥራውን ትተርካለች፦ ቆጠረች፣ ከግዥ ትዕዛዙ ጋር አመሳከረች፣ ጥራት የሚያረጋግጠውን ኮሚቴ ጠራች። ሳያቋርጥ ያዳምጥ። ቀጥሎ «ኮሚቴው ባይገኝስ?» ይበል። «ዕቃው ይገባል፣ በማግስቱ ይፈርማሉ» ካለች ቁም ነገሩ ተገኘ፤ ሳያዩ የሚፈርሙ አሉ ማለት ነው።

ወጪውንም እንዲሁ፦ «አስቸኳይ ጥያቄ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» በቃል ትእዛዝ ሰጥታ ሞዴል 22 በኋላ የምትሞላ ከሆነ፣ በመካከል ካርዱና መደርደሪያው አይገጥሙም።

ቃሏ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኦዲተሩ የኮሚቴውን ፊርማ ቀን ከርክክቡ ቀን ጋር ያነጻጽር፤ መደርደሪያውንም አብሯት ይቁጠር።