ብርሃኑ ሳይለወጥ ቁጥሩ ሲለወጥ

በብርሃን መለኪያ ውስጥ ያለ አንድ ፎቶዳዮድ ደብዘዝ ባለ ብርሃን 1 ናኖአምፔር፣ በደማቅ ብርሃን ደግሞ 100 ማይክሮአምፔር ሊሰጥ ይችላል። ልዩነቱ 100,000 እጥፍ ነው። ተራ ማጉያ ትልቁን ከረንት በ10 ቮልት እንዲያሳይ ቢስተካከል፣ ትንሹ 0.1 ሚሊቮልት ብቻ ይሆንና በማጉያው በራሱ ስህተት ውስጥ ይጠፋል። የሎጋሪዝም ማጉያ ግን ከረንቱ አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር ውጤቱን በአንድ እኩል እርምጃ ብቻ ይለውጣል። እርምጃው 1 ቮልት ቢሆን ይህ ሁሉ ልዩነት በ5 ቮልት ውስጥ ያልቃል።

ሥራውን የሚሠራው አንድ የሲሊከን ትራንዚስተር ነው። ደብሊው ኤል ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው አሠራር ዛሬም ያው ነው፦ ኮሌክተሩ ከኦፕአምፑ ነጌቲቭ መግቢያ፣ ቤዙ ከግራውንድ፣ ኤሚተሩ ከኦፕአምፑ መውጫ ጋር ይገናኛል። ኦፕአምፑ፣ የፎቶዳዮዱ ከረንት በሙሉ በኮሌክተሩ በኩል እስኪያልፍ ድረስ ኤሚተሩን ይጎትተዋል። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከረንቱ አሥር እጥፍ ሲጨምር በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ 59.5 ሚሊቮልት ያህል ይጨምራል። ዳዮድም ይህን ይሠራል፤ ነገር ግን ከረንቱ ሲያንስ በውስጡ ያለ ሌላ ጥቃቅን ከረንት ሕጉን ያዛባበታል። በትራንዚስተሩ ይህ ትርፍ ከረንት በቤዙ በኩል ስለሚሄድ ከሂሳቡ ውጭ ይቀራል።

ችግሩ የሚመጣው ከሙቀት ነው፤ ችግሩም ሁለት ነው። ከረንቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ቮልቴጁ 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ከሞቀ 20 ሚሊቮልት ሄደ ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ እርምጃ ሲሶውን ያህላል። መለኪያው ብርሃኑ ከግማሽ በታች የወረደ አድርጎ ይነግረናል፤ ብርሃኑ ግን እንዳለ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ መንታ ትራንዚስተር ነው። በእርሱ ውስጥ የማይለወጥ 1 ማይክሮአምፔር እናሳልፍና የሁለቱን ቮልቴጅ እናቀናንሳለን። አብረው ስለሚሞቁ አብረው ይወርዳሉ፤ ልዩነታቸውን ስንወስድ የወረደው ይጣፋል። የሚቀረው ይህ ብቻ ነው፦

V = (kT/q) ln(I1/I2)

በቀመሩ ውስጥ T፣ ማለትም ፍጹም ሙቀቱ፣ አሁንም አለ። ሁለተኛው ችግር እርሱ ነው። ከ27 ወደ 37 ዲግሪ ስንሄድ 59.5 የነበረው እርምጃ 61.5 ሚሊቮልት ይሆናል። ሦስት ከመቶ ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ያልፉታል፤ እኔ ግን አይታለፍም እላለሁ። 1 ናኖአምፔር ከማነጻጸሪያው በሦስት እርምጃ ይርቃል፤ በ3 ቮልት ላይ የሚታየው ስህተት 0.1 ቮልት ነው፤ ይህም ወደ ከረንት ሲመለስ 1 የነበረውን 0.79 ያስነብባል።

ስለዚህ ማጉላቱ ሙቀት በጨመረ መጠን መቀነስ አለበት። 59.5 ሚሊቮልትን 1 ቮልት ለማድረግ 16.8 ጊዜ ማጉላት ያስፈልጋል። ግብረ መልሱ ላይ 15.8 ኪሎኦም፣ ከግራውንድ ጋር ደግሞ 1 ኪሎኦም ብናስገባ ማጉላቱ 1 ሲደመር 15.8 ይሆናል። ባለ 1 ኪሎኦሙ በየዲግሪው 0.35 ከመቶ የሚያድግ ልዩ ሬዚስተር መሆን አለበት። ከ0.33 ትንሽ የበለጠው፣ በማጉላቱ ውስጥ ያለችው 1 ከሙቀት ጋር ስለማትለወጥ ነው። በ37 ዲግሪ ሬዚስተሩ 1,035 ኦም፣ ማጉላቱ 16.27 ይሆናል፤ በ61.5 ሚሊቮልት ሲባዛ ተመልሶ 1 ቮልት ይሰጣል። ሬዚስተሩ ከትራንዚስተሮቹ ርቆ ከተሸጠ ግን ሙቀቱን ዘግይቶ ስለሚያገኝ ቁጥሩ ተንሸራትቶ ቀስ እያለ ይመለሳል። ከቺፑ ጋር ተጣብቆ መቀመጥ አለበት።

የትኛው ክፍል እንዳጠፋ ማወቅ አያስቸግርም። መጀመሪያ ከማነጻጸሪያው ጋር እኩል የሆነ 1 ማይክሮአምፔር አስገብተን ቺፑን እናሞቃለን። መውጫው ከዜሮ ከተንቀሳቀሰ መንታዎቹ አልተመሳሰሉም ወይም እኩል አልሞቁም። ዜሮው ከጸና 1 ናኖአምፔርና 100 ማይክሮአምፔር በየተራ አስገብተን እንደገና እናሞቃለን። ሁለቱም ከዜሮ ከራቁ፣ ያውም በ3 ለ2 መጠን ከሆነ፣ ጥፋቱ የሬዚስተሩ ነው። የተንቀሳቀሰው ትንሹ ከረንት ብቻ ከሆነ ሬዚስተሩን መቀየር ከንቱ ድካም ነው፤ በኦፕአምፑ መግቢያ ወይም በሰርኩዩት ቦርዱ ላይ የሚያፈስ ከረንት አለ። መግቢያው ፌት በሆነ ኦፕአምፕ ይህ ከረንት በየ10 ዲግሪው እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ የሚጎዳውም መጀመሪያ ያንኑ 1 ናኖአምፔር ነው።