የሲቪ ቅርጽ የሥራ ዘመንን ሲያምታታ

በኢንተርኔት ማመልከቻ የሚቀበሉ ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች የሚደርሳቸውን ሲቪ አስቀድሞ የሚያነበው ሶፍትዌር ነው። አመልካቹ ፋይሉን እንደላከ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ያወጣና የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ ሥራው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ጊዜ ለይቶ በየቦታው ይሞላል። እንደ ወርክዴይ ባሉ የቅጥር ሥርዓቶች አመልካቹ ይህን በዓይኑ ያያል፤ ሲቪውን ከጫነ በኋላ የሚከፈትለት ቅጽ በከፊል ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ ግን የተሞላው ከሲቪው ጋር አይገጥምም። መደቡ ከሌላ ሥራ ዓመት ጋር ተጣምሮ ይገኛል፤ ወይም አንዱ ሥራ ጭራሽ የለም። ለዚህ ስህተት አንዱ ዋና መነሻ ሲቪው የተደረደረበት ቅርጽ ነው፤ በተለይም ጎን ለጎን የቆሙ ዓምዶች፣ ሠንጠረዦችና ተንሳፋፊ የጽሑፍ ሳጥኖች።

ፕሮግራሙ ሥራውን የሚሠራው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ከፋይሉ ውስጥ ጽሑፉን ብቻ አውጥቶ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ተራ የመስመሮች ሰልፍ ያደርገዋል። ቀጥሎ በሰልፉ ላይ ምልክቶችን ይፈልጋል። «የሥራ ልምድ» የሚል ርዕስ አንድ ምልክት ነው፤ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ዓመታት ሌላ ምልክት ናቸው፤ የታወቁ የሥራ መደብ ስሞችም እንዲሁ። አንድ የዓመታት ጥንድ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሥራ መዝገብ ማዕከል ያደርገውና በአቅራቢያው ያለውን መደብና መሥሪያ ቤት ከእሱ ጋር ያያይዛል። ሁለተኛው ደረጃ የሚመካው በቅርበት ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ደረጃ መስመሮቹ ቦታቸውን ከሳቱ ዓመቱ የማያውቀው መደብ አጠገብ ይወድቃል።

ሁለት ዓምድ

ፒዲኤፍ ፋይል በመሠረቱ ስለ ዓምድም ሆነ ስለ አንቀጽ አያውቅም። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የሚታተምበት ነጥብ ነው፤ ከግራ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ከታች ጠርዝ ይህን ያህል የሚል። መለኪያው የኢንች 72ኛ ክፍል ሲሆን፣ አንድ ኤ4 ገጽ በዚህ ልክ 595 በ842 ገደማ ይሆናል። በገጹ ላይ ዓምድ ያለ የሚመስለው የሰው ዓይን በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ ስለሚያይ ነው። ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ግን ቅደም ተከተሉን መገመት አለበት። ቀላሉ ግምት በአንድ ከፍታ ላይ ያሉትን ፊደላት ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ማድረግ ነው። ይህ ባለ ሁለት ዓምድ ጋዜጣን መሃሉን እየተሻገሩ እንደማንበብ ይሆናል።

ለምሳሌ የአንዲት የሒሳብ ባለሙያን ሲቪ ማሰብ ይቻላል። በቀኝ ሰፊ ዓምድ የሥራ ልምዷ አለ፤ በግራ ጠባብ ዓምድ ችሎታዋ፣ ትምህርቷና የምትችላቸው ቋንቋዎች ተዘርዝረዋል። ለዓይን ሁሉም ሥርዓት ያለው ነው። መስመሩን ተሻግሮ የሚያነብ ፕሮግራም የሚያወጣው ግን ይህን ነው፦

```
ኤክሴል ሲኒየር አካውንታንት
ፒችትሪ 2020 – እስካሁን
ዲግሪ 2012 አካውንታንት
አማርኛ 2016 – 2020
```

ከዚህ ሰልፍ ሁለተኛው ደረጃ የሚያወጣው መዝገብ የተበላሸ ነው። የመጀመሪያው መደብ «ኤክሴል ሲኒየር አካውንታንት» ይሆናል። ከ2020 ጋር አንድ መስመር ላይ ያረፈው ፒችትሪ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር መሆኑ ቀርቶ፣ ባለሙያዋን የቀጠረ ድርጅት ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። «አካውንታንት» የሚለው መደብ ደግሞ አብሮት በአንድ መስመር ካለው 2012 ጋር ይጣመራል። እሱ ግን የተመረቀችበት ዓመት ነው።

ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ አያነብም። አንዳንዱ ፊደላቱ በፋይሉ ውስጥ በተጻፉበት ተራ ይሄዳል። በዎርድ ተጽፎ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ሲቪ በዚህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይወጣል፤ በንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራው ግን እያንዳንዱ ክፍል በገጹ ላይ በተደራረበበት ተራ ሊወጣ ይችላል። አዳዲሶቹ ሥርዓቶች ደግሞ ባዶ ቦታውን ለክተው ዓምዶቹን ለመለየት ይሞክራሉ። በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ወይም ከላይ ያለ ርዕስ ሁለቱንም ዓምዶች አቋርጦ ሲያልፍ እነሱም ይሳሳታሉ። አመልካቹ የላከው ሲቪ በየትኛው ዓይነት ፕሮግራም እንደሚነበብ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ሠንጠረዥ

የዎርድ ፋይል ከፒዲኤፍ ይለያል። የ.docx ፋይል ሲፈታ ውስጡ አንቀጾችና ሠንጠረዦች በተራ የተጻፉበት ሰነድ ስለሆነ ቅደም ተከተል አለው። በዎርድ የዓምድ ትእዛዝ የተሠራ ሁለት ዓምድ እንኳ በፋይሉ ውስጥ አንድ ተከታታይ ጽሑፍ ነው፤ የሚያስቸግረው ወደ ፒዲኤፍ ከተቀየረ በኋላ ነው። ሠንጠረዥ ግን በዎርድም ውስጥ የራሱ ጣጣ አለው።

ሠንጠረዥ የሚነበበው በረድፍ ነው፤ በአንድ ረድፍ ውስጥ ያሉት ሴሎች ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ፤ በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ጽሑፍም ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው ሴል የሚታለፈው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ረድፍ ካለው፣ ማለትም ዓመቱ በግራ ሴል፣ መደቡ በቀኝ ሴል ከሆነ፣ ንባቡ ዓመት፣ መደብ፣ ዓመት፣ መደብ እያለ ይሄዳልና ችግሩ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ግን ሠንጠረዡን በአንድ ረድፍ ብቻ ይሠራውና ዓመታቱን ሁሉ በግራ ሴል፣ መደቦቹን ሁሉ በቀኝ ሴል እየጻፈ፣ በኤንተር ቁልፍ እያወረደ ፊት ለፊት ያስተካክላቸዋል። ሲታተም ሁለቱ ዓይነቶች አይለዩም። የሁለተኛው ንባብ ግን እንዲህ ነው፦

```
2020 – እስካሁን
2016 – 2020
2013 – 2016
ሲኒየር አካውንታንት
አካውንታንት
ገንዘብ ያዥ
```

እዚህ ላይ ሦስቱ ዘመናት መደብ ሳያገኙ ይከማቻሉ፤ ሦስቱ መደቦችም ዘመን የላቸውም። በቅርበት የሚያጣምር ፕሮግራም የሚያገኘው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፦ የመጨረሻውን ዘመንና የመጀመሪያውን መደብ። ስለዚህ ባለሙያዋ ከ2013 እስከ 2016 ሲኒየር አካውንታንት ሆና ትመዘገባለች። ከሁሉ የሚብሰው ውጤቱ ነው። አሁን በሥራ ላይ መሆኗ ይጠፋል፤ ከ2013 ጀምሮ ያልተቋረጠ ልምዷም ሦስት ዓመት ይሆናል። የቅጥር ክፍሉ ከአምስት ዓመት በላይ ልምድ ያላቸውን ብቻ አውጣ ብሎ ሲፈልግ ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

ሌላው ችግር ጽሑፉ ጭራሽ ሳይነበብ መቅረቱ ነው። የዎርድ ፋይል ለማንበብ ፕሮግራመሮች ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው `python-docx` አንቀጾችንና ሠንጠረዦችን በሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ያቀርባል። አንቀጾቹን ብቻ የሚጠይቅ ፕሮግራም በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ የሥራ ልምድ መኖሩንም አያውቅም። አንቀጾቹን አስቀድሞ ሠንጠረዦቹን ወደ ኋላ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ሥራዎቹ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕሳቸው ተነጥለው ከሰነዱ መጨረሻ፣ ምናልባትም «ዋቢዎች» ከሚለው ርዕስ ሥር ይወድቃሉ።

የጽሑፍ ሳጥን

የጽሑፍ ሳጥን ከዋናው ጽሑፍ በላይ የሚንሳፈፍ ነው። በገጹ ላይ የፈለጉት ቦታ ሊጎተት ይችላል፤ በፋይሉ ውስጥ ግን የታሰረው ከአንድ አንቀጽ ጋር ነው። ሳጥኑ ሲጎተት የታሰረበት አንቀጽ ከሚታይበት ቦታ ጋር ላይገጥም ይችላል። ለዓይን ከሁለተኛው ሥራ አጠገብ የሚታይ «2016 – 2020» የሚል ሳጥን በፋይሉ ውስጥ ከስምና ከስልክ ቁጥሩ አንቀጽ ጋር ታስሮ ሊገኝ ይችላል፤ ፕሮግራሙም እዚያው ያነበዋል።

ሳጥን ሁለት ተቃራኒ ስህተቶችንም ያመጣል። የዋናውን ጽሑፍ አንቀጾች ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ሳጥኑን ይዘለዋል፤ በራስጌና በግርጌ ላይ በተጻፈ ጽሑፍም የሚደርሰው ይኸው ነው። በሌላ በኩል ዎርድ የቀድሞዎቹ ስሪቶች እንዲከፍቱት ሲል የሳጥኑን ይዘት በፋይሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በአዲሱና በአሮጌው አጻጻፍ፣ ያስቀምጠዋል። ይህን ሳይለይ ሁሉንም የሚሰበስብ ፕሮግራም አንዱን ሥራ ሁለት ያደርገዋል፤ በቅጹም ላይ አንድ ዓይነት መደብና ዓመት ተደግሞ ይታያል።

መመርመሪያውና ማስተካከያው

ችግሩን ለማየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ፒዲኤፉን ከፍቶ ጽሑፉን በሙሉ በ`Ctrl+A` መምረጥ፣ በ`Ctrl+C` መቅዳትና በኖትፓድ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ላይ `pdftotext` የተጫነለት ሰው ይህን መጻፍ ይችላል፦

```
pdftotext cv.pdf cv.txt
```

በወጣው ጽሑፍ ላይ መታየት ያለበት እያንዳንዱ መደብ ከመሥሪያ ቤቱና ከዘመኑ ጋር ተጎራብቶ መቀመጡ፣ በመካከላቸው ከሌላ ክፍል የመጣ ቃል አለመግባቱ፣ የጠፋ ወይም የተደገመ ነገር አለመኖሩ ነው። በኖትፓድ ላይ የተምታታ ሲቪ በቅጥር ሥርዓቱም የመምታታት ዕድሉ ሰፊ ነው። በኖትፓድ ላይ ደህና መውጣቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ሌላ ፕሮግራም በሌላ ተራ ሊያነበው ይችላልና።

ማስተካከያው የሥራ ልምዱን በአንድ ዓምድ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ መደቡ፣ መሥሪያ ቤቱና ዘመኑ በአንድ ወይም በተከታታይ መስመሮች ይጻፋሉ፤ ተራቸውም ከሥራ ሥራ አይለዋወጥም። ዘመኑ በቀኝ ጠርዝ እንዲሰለፍ የሚፈልግ ሰው ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፤ የዎርድ የቀኝ ታብ ዓመቱን ወደ ጠርዙ ሲገፋው ከመደቡ ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ እንደያዘው ነው። ክፍሎችን የሚለይ መስመርም ከተሳለ ቅርጽ ይልቅ በአንቀጹ ጠርዝ ቢሠራ ይሻላል። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር ቀጣሪ በሚላክ ሲቪ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተገለበጠ 2008፣ ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጅ 2008 ስለሚቆጥረው፣ ሥራውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ዘመናቱ ሁሉ በአንድ አቆጣጠር መሆን አለባቸው።

ፕሮግራሙ በዚህ ደረጃ የሚሠራው መዝገብ መሙላት ነው፤ አመልካቹን የሚጥለው በኋላ በተሳሳተው መዝገብ ላይ የሚደረገው ፍለጋ ነው። ዋናው ፋይልም ብዙውን ጊዜ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይቆያል፤ ሠራተኛው ከከፈተው ትክክለኛውን ያያል። በመሆኑም አስተማማኙ ምርመራ የቀጣሪው ሥርዓት ራሱ የሞላውን ቅጽ ከመላክ በፊት ማንበብ ነው። እያንዳንዱ መደብ ከሲቪው ጋር ይመሳከራል፤ የተጀመረበትና ያበቃበት ዓመት ይታያል፤ አሁን በያዙት ሥራ ላይም እስካሁን እንደሚሠሩበት የሚያመለክተው ምልክት መደረጉ ይረጋገጣል። በዚያ ቅጽ ላይ በእጅ የታረመው መረጃ፣ ሲቪው የቱንም ያህል ተምታቶ ቢነበብ፣ በመዝገቡ ላይ የሚቀረውና የሚፈለገው ይሆናል።