አምስት አሮጌ ሰርቨሮችን ወደ አንድ ማዋሐድ፦ ስሌቱ ከየት ይጀምራል?

አምስት አሮጌ ሰርቨሮች ያሉት አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። እነዚህ ሰርቨሮች የሒሳብ መዝገብን፣ የጋራ ፋይሎችን፣ ኢሜይልን፣ የኅትመት ሥራንና የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ያስተዳድራሉ። ቨርቹዋላይዜሽን የተሰኘው ቴክኖሎጂ አምስቱም በአንድ ማሽን ላይ ሳይቀላቀሉ እንዲሠሩ ያስችላል። አስቸጋሪው ነገር የአዲሱን ማሽን ዐቅም በትክክል መወሰን ነው።

የተለመደው ስሕተት በአሮጌዎቹ ላይ የተገጠመውን መደመር ነው። እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ቢኖራቸው ድምሩ 80 ይሆናል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሲለካ ግን አምስቱ በጠቅላላው የሚጠቀሙት 44 ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማሽኑ ለራሱ 8፣ ለወደፊት ዕድገትም አንድ አራተኛ ሲጨመርበት 65 ይደርሳል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ጥቂት ያንሳል፤ 96 ይበቃል። ልኬቱ የደመወዝ ስሌት የሚሠራበትን የወር መጨረሻ እንዲያካትት አንድ ሙሉ ወር መቆየት አለበት። ከሽግግሩ በኋላ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሳይበዛበት ተጠቃሚዎች ስለ መዘግየት ካማረሩ፣ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ዲስኩ ነው፤ ለአምስት ተከፋፍሎ የነበረው ንባብና ጽሕፈት አሁን በአንድ ቦታ ተከማችቷልና።

ኤሌክትሪክም የሚሰላው በመለኪያ ነው፤ በማሽኑ ላይ የተጻፈው ዋት የኃይል ማከፋፈያው ጣሪያ እንጂ የዕለት ፍጆታው አይደለም። አምስቱ እያንዳንዳቸው 180 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 900 ነው። አዲሱ 300 ቢወስድ፣ በዓመት 5,256 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠባል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚደግፈው ባትሪ ከኔትወርክ መሣሪያዎቹ ጋር 400 ዋት ለ15 ደቂቃ መሸከም ካለበት፣ የሚያስፈልገው 100 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪ በዕድሜ ስለሚደክም እጥፉን መያዝ ይመከራል። እነዚህ ደቂቃዎች ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ በሥርዓት ለመዝጊያ እንጂ ለሥራ መቀጠያ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ክብደት የሚሰጠው ግን የመጠባበቂያ ቅጂው በጀት ነው። ቀድሞ አንድ ሰርቨር ሲበላሽ አንድ አገልግሎት ብቻ ይቋረጥ ነበር፤ አሁን አምስቱም አብረው ይቆማሉ። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ መያዛቸው ከዲስክ ብልሽት ያድናል፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ቅጂው በሌላ መሣሪያ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ መቀመጥ ይኖርበታል።

መረጃው 3 ቴራባይት ቢሆንና የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ቢያስተላልፍ፣ ሙሉውን መመለስ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ይህም ሙሉ የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ያን ያህል መቆም የማይችል መሥሪያ ቤት ከአሮጌዎቹ ጠንካራውን ጠብቆ፣ ቢያንስ የይለፍ ቃሉንና የሒሳብ መዝገቡን ሊያስነሣበት ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ቅጂው አስቀድሞ በዚያው ማሽን ላይ ተመልሶ ከተፈተነ ነው።